ሁኩ ነው የሠራው ወይስ ሁዳዴው? ቪዲዮን በታግ እየመዘገቡ ስለማወዳደር

አንድ ቪዲዮ ድንገት ሲሄድ ምክንያት ማግኘት ቀላል ነው። ሁኩ፣ ማለትም የቪዲዮው መክፈቻ ነው ይባላል፣ ምግቡ ነው ይባላል፣ የተለጠፈበት ሰዓት ነው ይባላል። ሁሉም እውነት ይመስላል፤ አንዱንም ግን ከዚያ ከአንድ ቪዲዮ ብቻ ተነስቶ ማረጋገጥም ሆነ መጣል አይቻልም። ለዚህ ነው እያንዳንዱን ቪዲዮ በሁኩ ዓይነት፣ በርዕሰ ጉዳዩና በርዝመቱ ታግ አድርጎ ጉግል ሺት ላይ መደርደር፣ ከዚያም ምድብን ከምድብ ማወዳደር የሚያስፈልገው። ሲታይ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሦስት አምድ፣ ጥቂት ፎርሙላ፣ አለቀ። ችግሩ ሺት «አላውቅም» ማለት አያውቅም። የተሳሳተውንም መልስ አሳምሮ፣ ከነነጥቡ ያስቀምጥላችኋል።

በምሳሌ እንሂድ። አንድ የአማርኛ የምግብ ቻናል አለ እንበል። በዩቲዩብ ሾርትስ ላይ ከ2025 ጃንዋሪ እስከ ጁን መጨረሻ 48 ቪዲዮ ለጥፏል፤ በሳምንት ሁለት ገደማ ማለት ነው። አጭሩ 18 ሰከንድ፣ ረጅሙ 95 ሰከንድ ነው። ቻናሉም የቻናሉ ቁጥሮችም ለማሳያ የተሠሩ ናቸው፤ ወቅቱን ግን ሆን ብለን ነው የመረጥነው፣ ምክንያቱ ወደ ኋላ ላይ ይታያል።

መጀመሪያ ሁኩ። ከሦስቱ ታጎች ርዝመት በሰከንድ ይለካል፣ ርዕሰ ጉዳይም ከምግቡ ስም ይታወቃል፤ ሁክ ግን የሰው ፍርድ ነው፣ ሥራውም የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ታጉ መግለጽ ያለበት በመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ውስጥ የሚሰማውንና የሚታየውን ብቻ ነው። ለዚህ ቻናል አምስት ይበቃሉ። «ውጤት» ያለቀው ምግብ ቀድሞ ሲታይ ነው፤ ትሪው ላይ የተቆረሰ ድፎ፣ የሚንተከተክ ሽሮ። «ጥያቄ» ንግግሩ በጥያቄ ሲጀምር ነው። «ስህተት» ተመልካቹ የሚሠራውን ጥፋት በመንገር ሲጀምር ነው፤ «ሽሮው የሚጓጉለው የፈላ ውሃ ላይ አንዴ ስለምትገለብጡት ነው» እንደሚለው። «ሂደት» ያለ ንግግር እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ነው፤ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ሊጥ ሲቦካ። አምስተኛው «ሰላምታ» ነው። «ሰላም ጤና ይስጥልኝ የቻናሌ ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ» የሚለው አረፍተ ነገር ተረጋግቶ ሲነገር ሦስቱን ሰከንድ ይጨርሳል። ከሱ በኋላ የቱንም ያህል የሚያጓጓ ጥያቄ ቢመጣ፣ ሊያልፍ ያሰበው ሰው ያን ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ታጉ ሰላምታ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም።

ሁለቱን የሚነካ ቪዲዮ መምጣቱ አይቀርም። «ሽሮአችሁ ለምን እንደሚጓጉል ታውቃላችሁ?» የሚለው ጥያቄም ስህተትም ነው። እዚህ ላይ የትኛውም ውሳኔ ያስኬዳል፤ የማያስኬደው አንዱን ዛሬ እንዲህ፣ ሌላውን በሳምንቱ እንዲያ መወሰን ነው። የሚቀለው ደንብ በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ቅርጽ መፍረድ ነው። በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ከሆነ ጥያቄ ነው፣ ይዘቱ ምንም ይሁን። ንግግር ካለ ንግግሩ ይወስናል፤ በሦስቱ ሰከንድ ውስጥ ድምፅ ካልተሰማ ምስሉ ይወስናል። ይህን በሺቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ በአራት መስመር ጻፉት፤ ከሁለት ወር በኋላ ራሳችሁም ትረሱታላችሁ።

«አጓጊ»፣ «ጠንካራ ሁክ» የሚሉ ታጎች ግን ጨርሶ አይግቡ። እነሱ ውጤቱን ነው የሚናገሩት። ቪዲዮው 40 ሺህ ቪው እንዳገኘ እያወቀ ሁኩን «ደካማ» ብሎ የሚመዘግብ ሰው የለም፤ ከዚያ «ጠንካራ ሁክ ብዙ ቪው ያመጣል» የሚል ግኝት ይወጣል፣ ክብ ዞሮ ራሱን ያረጋገጠ። በዚሁ ምክንያት የሁኩ ታግ ቢቻል ቪዲዮው በሚለጠፍበት ቀን፣ ቁጥር ከመምጣቱ በፊት ይግባ። የቆዩትን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሞላ ሰው የቁጥሮቹን አምዶች ደብቆ ይሥራ። አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። አሥር ቪዲዮ ለሌላ ሰው ስጡና ደንቡን ብቻ አንብቦ ታግ ያድርግ። ከአሥሩ በሁለት ብትለያዩ ደህና ነው። በአራት ከተለያያችሁ ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፤ ደንቡ ገና አልጠራም፣ ከዚያ ላይ የሚሰላው ቁጥርም አይታመንም።

አሁን ወደ ሺቱ። የምንጠቀመው አምድ ይህን ይመስላል፤ A ቀን፣ B የቪዲዮው ስም፣ C ሊንክ፣ D ሁክ፣ E ርዕሰ ጉዳይ፣ F ርዝመት በሰከንድ፣ G የርዝመት ምድብ፣ H በ7ኛው ቀን የተገኘ እይታ፣ I ሳያልፍ የቆየ ተመልካች በመቶኛ፣ J በአማካይ የታየው የቪዲዮው ክፍል በመቶኛ፣ K ወቅት። ከዚህ በላይ ማብዛት ይቻላል፤ ሃያ አምድ ያለው ሺት ግን በሦስተኛው ሳምንት መሞላት ያቆማል።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ብቻ የተቀመጠ አንድ ወጥመድ አለ። «ጾም» በአንድ ረድፍ፣ «ፆም» በሌላው ይጻፋል። ለአንባቢ ያው ነው፤ ለሺቱ ግን ጸና ፀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። 20 የጾም ቪዲዮ የነበረው 13ና 7 ሆኖ ይከፈልና ሁለት ርዕሰ ጉዳይ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ምንም የስህተት ምልክትም አይወጣም። ሰና ሠ፣ ሀና ሐ፣ አና ዐ እንደዚሁ ናቸው። ከቃሉ ኋላ የቀረ አንድ ባዶ ቦታም ይህንኑ ያደርጋል። መፍትሔው በእጅ አለመጻፍ ነው። D፣ E እና K አምዶች ላይ ከ Data ሜኑ ውስጥ Data validation ገብታችሁ ድሮፕዳውን ሥሩ፤ ታጉ ከዝርዝሩ ብቻ ይመረጥ። እስካሁን የተጻፈውን ለመፈተሽ በአንድ ባዶ ሴል ላይ ይህችን ማስገባት ይበቃል፦

```
=SORT(UNIQUE(E2:E49))
```

አራት ርዕሰ ጉዳይ እያላችሁ ስድስት መስመር ከወጣ ሁለቱ መንታ ናቸው።

ሌሎች ሁለት ነገሮች ድምፅ ሳያሰሙ ያበላሻሉ። ርዝመትን 1:05 ብሎ የጻፈ ሰው አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ማለቱ ነው፤ ጉግል ሺትስ ግን አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ብሎ ያነበዋል። 65 ብላችሁ ጻፉ። ቀኑም እንዲሁ ነው። «የካቲት 17» ለሺቱ ቀን ሳይሆን ተራ ጽሑፍ ነው፤ በቀን ቅደም ተከተል አይደረደርም፣ ሰባት ቀን ሊደመርበትም አይችልም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2025-02-24 ብሎ መጻፍ ይሻላል። የእኛን ቀን የፈለገ በሌላ አምድ ያስቀምጥ።

የርዝመት ምድቡን በእጅ አትሙሉት፤ ከሰከንዱ ይሰላ፦

```
=IF(F2<30,"አጭር",IF(F2<60,"መካከለኛ","ረጅም"))
```

ድንበሩ 30ና 60 የሆነው ይህ ቻናል እዚያ ላይ ስለሚከፈል ነው፤ 17 አጭር፣ 24 መካከለኛ፣ 7 ረጅም ይወጣል። ቪዲዮዎቻችሁ ሁሉ ከ40 እስከ 58 ሰከንድ ከሆኑ ይህ ድንበር አንድ ምድብ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፣ ስለ ርዝመትም ምንም አይነግራችሁም። በሰከንዱ የተመዘገበው ስላለ ድንበሩን በኋላ መቀየር አንድ ፎርሙላ የማስተካከል ጉዳይ ነው።

የእይታው ቁጥር በተወሰነ ዕድሜ መወሰድ አለበት። ጃንዋሪ ላይ የወጣ ቪዲዮ ጁን ላይ ሲታይ ስድስት ወር ሰብስቧል፤ የትናንቱ አንድ ቀን። ሁሉንም በ7ኛው ቀን መመዝገብ ልዩነቱን ይዘጋል። ካላንደር ላይ ማስታወሻ አድርጎ በየሳምንቱ ሁለት ቁጥር መገልበጥ ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ያስፈልጋል። እዚህ ላይ 2025ን የመረጥንበት አንዱ ምክንያት ይመጣል። ዩቲዩብ ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ የሾርትስ ቪው አቆጣጠሩን ቀይሯል። ከዚያን ቀን ወዲህ ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ ወይም እንደተደገመ አንድ ቪው ይቆጠራል። የቀድሞው አቆጣጠር አልጠፋም፤ በስቱዲዮው Advanced mode ውስጥ Engaged views በሚል ስም ተቀምጧል። ይህን ሳያውቅ ዋናውን የቪው ቁጥር የሚገለብጥ ሰው ከኤፕሪል ጀምሮ የሞከረው ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል። አዲሱ ሁክ ሠራ ይላል፤ የሠራው አዲሱ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ H አምድ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚገባው Engaged views ነው።

ወደ ማወዳደሩ ስንመጣ፣ አብዛኛው ሰው አንድ መለኪያ ይመርጥና ሦስቱንም ታግ በሱ ይመዝናል። በእኔ እይታ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እያንዳንዱ ታግ የሚነካው የቪዲዮውን የተለያየ ቦታ ስለሆነ የየራሱ ሚዛን ያስፈልገዋል። ሁክ የሚወስነው ሰውየው ጣቱን ወደ ላይ መግፋቱን ወይም መቆየቱን ነው። ስለዚህ በሾርትስ ላይ የሁክ ሚዛን Viewed vs. swiped away ተብሎ የሚታወቀው መቶኛ ነው፤ በእኛ ሺት I አምድ። ርዝመት የሚነካው የቆየው ሰው ምን ያህል እንደታገሠ ነው፤ ሚዛኑ J ነው፣ እሱም በሰከንድ ተመንዝሮ። ርዕሰ ጉዳይ የሚነካው ቪዲዮው ለስንት ሰው መሄድ እንደሚችል ነው፤ ሚዛኑ H ነው።

ሚዛን ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን እንይ። የቻናሉ ባለቤት ሁኮችን በJ አወዳደረ እንበል፣ በአማካይ በታየው ክፍል። ስህተት የሚል ታግ ያላቸው 8 ቪዲዮዎች መካከለኛ ቁጥራቸው፣ ማለትም ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘው፣ 72.5 በመቶ ነው። ውጤት የሚል ታግ ያላቸው 15ቱ 63 በመቶ ናቸው። ወደ አሥር ነጥብ የሚጠጋ ልዩነት ነው፤ ማንም ቢሆን «ከእንግዲህ በስህተት ነው የምጀምረው» ብሎ ይነሳል። ከመነሳቱ በፊት ግን ይችን ይጻፍ፦

```
=MEDIAN(FILTER(J$2:J$49, D$2:D$49="ስህተት", G$2:G$49="አጭር"))
```

አጭር በሆኑት ቪዲዮዎች ውስጥ ብቻ ስህተት 74፣ ውጤት 73 ይወጣል። መካከለኛ በሆኑት ውስጥ ስህተት 60.5፣ ውጤት 60 ነው። አሥሩ ነጥብ የት ሄደ? የትም አልነበረም። ከ8ቱ የስህተት ቪዲዮዎች 6ቱ ከ30 ሰከንድ በታች ናቸው፤ አንድ ጥፋት ነግሮ መጨረስ አጭር ጊዜ ነው የሚወስደው። ከ15ቱ የውጤት ቪዲዮዎች ደግሞ 10ሩ መካከለኛ ናቸው፣ ምክንያቱም ያለቀውን ምግብ ካሳዩ በኋላ አሠራሩን ከመነሻው ማሳየት ያስፈልጋል። አጭር ቪዲዮ ደግሞ በማንኛውም ሁክ ቢጀምር ከፍ ያለ መቶኛ ይዞ ይወጣል። ሾርትስ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ስለሚደግም ከ100 በመቶ የሚያልፍም አለ። የተወዳደሩት ሁኮች መስለው ርዝመቶች ነበሩ።

ሁለቱ ታጎች በአንድ ላይ ተጣብቀው መሄዳቸውን ማወቅ የሚቻለው ቁጥሩን ሳይሆን ብዛቱን ቀድሞ በማየት ነው፦

```
=COUNTIFS(D$2:D$49,"ስህተት",G$2:G$49,"አጭር")
```

ይህን ለአምስቱ ሁክና ለሦስቱ ርዝመት አድርጉት፤ 15 ሴል ያለው ሰንጠረዥ ይሆናል። አንድ ሁክ ከሞላ ጎደል በአንድ ርዝመት ውስጥ ብቻ ከተከማቸ ሁለቱን መለየት አትችሉም፤ የትኛውም ፎርሙላ አይለይላችሁም። ባዶ ሴሎቹ ደግሞ ቀጥሎ ምን መቀረጽ እንዳለበት ይናገራሉ። (ጀርመን ወይም ሌላ የአውሮፓ አገር ሆናችሁ ፎርሙላው ስህተት ካወጣ፣ በሺቱ የአገር ቅንብር ምክንያት በነጠላ ሰረዙ ቦታ «;» ምልክትን ይፈልግ ይሆናል። FILTER ደግሞ የሚስማማ ረድፍ ካጣ #N/A ይላል፤ ያ ባዶ ሴል ነው እንጂ ጥፋት አይደለም።)

በትክክለኛው ሚዛን፣ በI አምድ ሲታዩ ሁኮቹ ሌላ ታሪክ አላቸው። ስህተት 68፣ ውጤት 67፣ ሂደት 65፣ ጥያቄ 61፣ ሰላምታ 52። ተመልካቹ ገና ሲያገኘው ቪዲዮው ስንት ሰከንድ እንደሆነ ስለማያውቅ ይህ ሚዛን ከርዝመት ጋር ያን ያህል አይነካካም። ከላይ ያሉት ሦስቱ አንድ ናቸው ብሎ ማለፍ ነው፤ በ8ና በ12 ቪዲዮ ላይ ተመሥርቶ የሁለት የሦስት ነጥብ ልዩነት አይነበብም። ሰላምታ ግን ከሁሉም ርቆ ነው የተቀመጠው። ብዛቱ 4 ብቻ ስለሆነ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ አራቱም ከ55 በታች ከሆኑና ከሌሎቹ 44 ውስጥ ከ55 በታች የወረደ አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ ግን ሰላምታውን ወደ ቪዲዮው መጨረሻ ማዛወር ምንም የማያስከፍል ሙከራ ነው። ከአምስት በታች ለሆነ ምድብ መካከለኛ ቁጥር ከማውጣት ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ ማየት ይሻላል።

እስካሁን አማካይ ሳይሆን መካከለኛ ቁጥር የወሰድነው በምክንያት ነው። ጥያቄ የሚል ታግ ያላቸው 9 ቪዲዮዎች በ7ኛው ቀን ያገኙት እይታ ይኸውና፤ 1,800፣ 2,100፣ 2,300፣ 2,600፣ 2,900፣ 3,100፣ 3,400፣ 4,000 እና 96,000። አማካዩ 13,133 ነው። ከዘጠኙ ስምንቱ ወደዚያ ቁጥር አጠገብ እንኳ አልደረሱም። መካከለኛው 2,900 ነው፣ እሱ ነው እውነቱ። የስህተት ስምንቱ ቪዲዮዎች አማካይ 5,000፣ መካከለኛ 4,700 ነው። በአማካይ ያየ ሰው ጥያቄ ከስህተት ከሁለት እጥፍ በላይ ይበልጣል ይላል፤ በመካከለኛ ያየ ሰው ተቃራኒውን። የ96 ሺው ቪዲዮ ከሺቱ አይሰረዝም። ለብቻው ይታያል፤ ማን አጋራው፣ ከየት መጣ፣ ሰው ከየትኛው አገር ነው ያየው። ለሁኩ ግን ምስክር ሊሆን አይችልም፤ አንድ ነው።

የርዝመት ነገር አጭር ነው። መቶኛ ብቻውን ሁልጊዜ ለአጭር ያዳላል። 24 ሰከንድ ቪዲዮ 74 በመቶ ሲታይ ሰውየው የቆየው ወደ 18 ሰከንድ ነው። 45 ሰከንዱ 60 በመቶ ሲታይ 27 ሰከንድ። የትኛው ተሻለ? መቶኛውና ሰከንዱ የማይስማሙበት ቦታ ላይ ቪዲዮው ለምን እንደተሠራ ነው የሚወስነው። ሰው ሠርቶ እንዲበላ የታሰበ የአዘገጃጀት ቪዲዮ ከሆነ ሰከንዱን ተመልከቱ፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል የወጣ ተመልካች ወጡን አይሠራም።

ርዕሰ ጉዳዩ ላይ እንቆይ፤ ለምግብ ቻናል ትልቁ ማታለያ ያለው እዚህ ነው። ከ48ቱ 20ው የጾም ምግብ ናቸው። በH ሲታዩ ከፍስክ ወጦች በልጠው ይገኛሉ፣ በግልጽ። ወደ K አምድ ስንሄድ ግን ነገሩ ይቀየራል። የ2025 ዐቢይ ጾም ከፌብሩዋሪ 24 እስከ ኤፕሪል 19 ነበር፣ 55 ቀን። ከ20ው የጾም ቪዲዮ 13ቱ የወጡት በነዚያ ቀናት ነው። የነሱ መካከለኛ እይታ 5,200 ነው። ከሁዳዴ ውጭ የወጡት 7ቱ ግን 2,400 ላይ ናቸው። በፍስክ ወቅት የወጡት የሥጋና የእንቁላል ቪዲዮዎች 3,000 ያገኛሉ። ስለዚህ «የጾም ምግብ ይሻላል» የሚለው ትክክል አይደለም። ትክክሉ «በሁዳዴ ውስጥ የጾም ምግብ እጥፍ ይሄዳል፣ ከሁዳዴ ውጭ ከፍስኩ ያንሳል» ነው፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ የሚጠቅም መልስ ነው፣ መቼ ምን እንደሚቀረጽ ስለሚናገር። ወቅት የሚባለው አምድ ባይኖር ኖሮ ባለቤቱ ከፋሲካ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ተልባና ሱፍ ፍትፍት እየለጠፈ ለምን እንደቀዘቀዘ ሲጠይቅ ይከርም ነበር።

ወቅት ስንል አንድ ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት ረመዳንም የገባው በማርች 1 ነው፣ ሁዳዴ ውስጥ። የሳምቡሳ ቪዲዮ በዚያ ወር ቢሄድ በጾም ምግብነቱ ይሁን በአፍጥር ሰዓት ተፈላጊነቱ ከሺቱ ብቻ አይታወቅም፤ የተመልካቹን አገርና አስተያየቱን ማንበብ ያስፈልጋል። ጁን ላይ ደግሞ የሰኔ ጾም አለ። ድሮፕዳውኑ ላይ «ሁዳዴ»፣ «ሁዳዴና ረመዳን»፣ «ሰኔ ጾም»፣ «ፍስክ» ብሎ አራት አማራጭ ማስቀመጥ ለዚህ ግማሽ ዓመት ይበቃል። ጾሙ በየዓመቱ ቀኑን ስለሚቀይር ያለፈውን ዓመት ኤፕሪል ከዘንድሮው ኤፕሪል ጋር ማወዳደርም አያስኬድም። በ2026 ዐቢይ ጾም የገባው በፌብሩዋሪ 16 ነው፣ ስምንት ቀን ቀድሞ።

የመለጠፊያ ሰዓትም እንደዚሁ ሊገባበት ይችላል፣ በተለይ ተመልካቹ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋው ሰዓት ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። ለሾርትስ ግን ይህ በ7ኛው ቀን ቁጥር ላይ ብዙ ልዩነት ሲፈጥር አይታይም፣ ቪዲዮው ለቀናት ስለሚሰራጭ። አንድ ሰዓት መርጦ ሁሌም በሱ መለጠፍ ከአንድ ተጨማሪ አምድ ያድናል።

እንግዲህ ከ48ቱ የወጣው ያን ያህል ብዙ አይደለም። ሰላምታው ወደ ኋላ ይሂድ፤ የጾሙ ቪዲዮ በጾሙ ይውጣ፤ በስህተትና በውጤት መካከል ያለው ግን አልተለየም። ይህን የመጨረሻውን ከአሮጌ ቪዲዮዎች ላይ በማስላት ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሁኩ፣ ምግቡና ርዝመቱ አብረው የተመረጡ ናቸውና። ለይቶ መቅረጽ ያስፈልጋል። ስድስት ምግብ ምረጡ፤ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ድፎ ዳቦ፣ ፍርፍር፣ ጨጨብሳ። እያንዳንዱን አንዴ አብስሉ፣ የመጀመሪያውን 3 ሰከንድ ግን ሁለት ጊዜ ቅረጹ፤ አንዱ ውጤት፣ አንዱ ስህተት። ከ3ኛው ሰከንድ በኋላ ያለው አንድ ዓይነት ይሁን፣ ርዝመቱም ከሁለት ሰከንድ በላይ አይለያይ። የአንድ ምግብ ሁለቱ ቪዲዮዎች በሦስት ሳምንት ልዩነት ይውጡ፤ ሁለተኛው ያየነው ነው በሚል እንዳይጎዳ ደግሞ ለሦስቱ ምግቦች ውጤት ይቅደም፣ ለሦስቱ ስህተት።

12ቱ ሲያልቁ ስድስት ጥንድ አላችሁ። አማካይም መካከለኛም አያስፈልግም፤ በየጥንዱ የትኛው በI አምድ እንደበለጠ ብቻ ምልክት አድርጉ። ሁለቱ ሁኮች ፍጹም እኩል ቢሆኑ እንኳ ሳንቲም እንደመወርወር ነውና፣ አንዱ የተወሰነ ሁክ ስድስቱንም የሚወስድበት ዕድል ከ64 አንድ ነው፤ አምስትና ከዚያ በላይ የሚወስድበት ከ64 ሰባት። 6 ለ 0 ከሆነ እመኑት። 5 ለ 1 ከሆነ ሌላ አራት ጥንድ ጨምሩ። 4 ለ 2 ወይም 3 ለ 3 ከሆነ ለዚህ ቻናል ሁለቱ ሁኮች አይለያዩም፤ ለመቅረጽ የሚቀላችሁን ያዙና ቀጣዩን ጥንድ በሂደትና በውጤት መካከል አድርጉት።